ደመወዝ ያለበት ሽርክና፦ ትርፉ ሲካፈልና እያንዳንዱ ድርሻ ሲገበር

ሞያሌ ላይ ለብቻው ገዝቶ፣ ለብቻው ጭኖ ናይሮቢ ድረስ የሚሸጥ የከብት ነጋዴ ብዙ አይደለም። አንዱ ከብት ያውቃል፣ ሌላው ናይሮቢ ውስጥ ደንበኛ አለው፣ ሦስተኛው ገንዘብ አለው። ሦስቱ ሲገናኙ መኪናው ይሞላል። መኪናው እየተመላለሰ ባለበት ወቅት ጠብ እምብዛም አይነሳም፤ ጠቡ የሚነሳው ዓመቱ ሲዘጋ ነው። ብዙ ጊዜ በሁለት ጥያቄዎች ይጀመራል። የመጀመሪያው፦ «ደመወዝ ወስደህ ሳለ ትርፍ ደግሞ እንዴት ትካፈላለህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ኤፕሪል ሲደርስ ይመጣል፦ «እጄ ላይ ላልገባ ገንዘብ ግብር እንዴት እጠየቃለሁ?»

ይህ ትምህርት ለሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ የተሠራ ምሳሌ መልስ ይሰጣል። ምሳሌው ሽርክናውን በኬንያ በኩል ያስመዘገቡ ነጋዴዎችን ይመለከታል። ዋጋዎቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ የግብር መጠኖቹ ግን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በኬንያ የተሠራባቸው ናቸው። የሂሳብ ዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2024 ነው።

ሦስቱ ሸሪኮችና ስምምነታቸው

የመጀመሪያው ሸሪክ ገዢው ነው። ሞያሌ ገበያ ቆሞ ከብት ይመርጣል፣ ከደላላ ጋር ይደራደራል፣ ፈቃድ ያወጣል፣ ያስጭናል። ሁለተኛው ሻጩ ነው። ናይሮቢ ሆኖ መኪናውን ይቀበላል፣ ለሥጋ ነጋዴዎች ይሸጣል፣ በዱቤ የቀረውን ይሰበስባል። ሦስተኛዋ የገዢው አክስት ናት። ከመነሻው ገንዘብ አብዛኛውን ያወጣችው እሷ ናት፤ ሞያሌ ከተማ ውስጥ የራሷ ሱቅ ስላላት ግን በከብቱ ሥራ ላይ አትውልም።

ሲጀምሩ በጽሑፍ የተስማሙት እንዲህ ነው። ገዢው በወር 60,000 ሽልንግ፣ ሻጩ ደግሞ በወር 40,000 ሽልንግ ደመወዝ ይታሰብላቸዋል። አክስት ደመወዝ የላትም። ከደመወዙ በኋላ የሚቀረውን ትርፍ አክስት 50 በመቶ፣ ገዢው 30 በመቶ፣ ሻጩ 20 በመቶ ይካፈሉታል። በሌሎች ሽርክናዎች ላወጡት ካፒታል ወለድ የሚታሰብበት ውል አለ፤ እነዚህ ግን ወለድ አንነካም ብለው ትተውታል። ሕጉም ወለድ እንዲኖር አያስገድድም። የአክስት ገንዘብ ዋጋ በ50 በመቶው ድርሻ ውስጥ ገብቷል።

ይህ ስምምነት በወረቀት መስፈሩ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ባይሰፍር ምን እንደሚሆን ማሰብ ይበቃል። ኬንያ ከእንግሊዝ የወሰደችው የሽርክና ሕግ መነሻ ደንብ፣ ሌላ ስምምነት እስካልታየ ድረስ ሸሪኮች ትርፍንም ኪሳራንም እኩል ይካፈላሉ፣ ለሠሩትም ሥራ ደመወዝ አይጠይቁም ይላል። ገንዘቡን ያወጣው ማን እንደሆነ፣ ሌሊት ከጭነት ጋር የሚያድረው ማን እንደሆነ ደንቡ አይጠይቅም። በቃል የተባለ ነገር ደግሞ በችግር ጊዜ እያንዳንዱ በሚያስታውሰው መንገድ ነው የሚተረከው።

ከሽያጭ እስከ ትርፍ

በ2024 ሦስቱ 800 ከብት በአማካይ በ45,000 ሽልንግ ገዙ። ይህ 36,000,000 ሽልንግ ነው። ከ800ው ውስጥ 10 በመንገድና በበረት ሞቱ። የቀሩት 790 በአማካይ በ60,000 ሽልንግ ተሸጡ፤ ሽያጩ 47,400,000 ሽልንግ ሆነ። ዲሴምበር 31 ቀን በበረት የቀረ ከብት አልነበረም። ቢኖር ኖሮ የዚያ ከብት መግዣ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል እንጂ የ2024 ወጪ ሆኖ አይቀነስም። የሞቱት 10 ግን መግዣቸው በ36,000,000ው ውስጥ ስላለ ለብቻ እንደገና አይቀነሱም። ይህን ሁለት ጊዜ የሚቀንስ ብዙ ነው።

በሽያጩና በመግዣው መካከል ያለው ልዩነት 11,400,000 ሽልንግ ነው። ከዚህ ላይ የሥራው ወጪዎች ይነሳሉ፦

- የጭነት መኪና፣ 20 ከብት በአንድ ጉዞ፣ 40 ጉዞ በ110,000፦ 4,400,000
- እረኛ፣ መኖ፣ ውሃ፣ ጫኝና ደላላ፦ 2,000,000
- የእንስሳት ሕክምና፣ የማጓጓዣ ፈቃድ፣ የገበያና የካውንቲ ክፍያ፦ 1,100,000
- ስልክ፣ የገንዘብ ማስተላለፊያ፣ ማደሪያ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፦ 700,000

ድምሩ 8,200,000 ሽልንግ ነው። ስለዚህ ትርፉ 3,200,000 ሽልንግ ይሆናል። እዚህ ላይ የሸሪኮቹ ደመወዝ ገና እንዳልተነካ ልብ ይባል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ቁጥር ነው።

የሸሪክ ደመወዝ ወጪ ሳይሆን የትርፍ ቁራጭ ነው

የእረኛው ደመወዝ ወጪ ነው፤ እረኛው ሠራተኛ እንጂ የንግዱ ባለቤት አይደለም። የገዢው 60,000 ግን ስሙ ደመወዝ ይባል እንጂ ባህርይው ሌላ ነው። ሰው ራሱን ሊቀጥር አይችልም። ሸሪክ ከሽርክናው የሚያገኘው ደመወዝ፣ ቀሪው ከመከፋፈሉ በፊት ተለይቶ የሚሰጠው የትርፍ ቁራጭ ነው። የኬንያ የገቢ ግብር ሕግ፣ ምዕራፍ 470፣ በአንቀጽ 4 የሚለው ይህንኑ ነው። የሸሪኩ ገቢ ሁለት ነገሮች ተደምረው የሚገኝ ነው፦ አንደኛ፣ ከሽርክናው የሚገባው ደመወዝና የካፒታል ወለድ፤ ሁለተኛ፣ የሁሉም ሸሪኮች ደመወዝና ወለድ ከተነሳ በኋላ ከሚቀረው ትርፍ የሚደርሰው ድርሻ።

ስሌቱ ስለዚህ በሦስት እርምጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ከ3,200,000 ላይ ደመወዞቹ ይነሳሉ። የገዢው የዓመት ደመወዝ 60,000 በ12 ሲባዛ 720,000 ነው፤ የሻጩ 40,000 በ12 ሲባዛ 480,000 ነው። ድምራቸው 1,200,000 ይሆናል። ቀጥሎ የቀረው 2,000,000 በስምምነቱ መቶኛ ይከፈላል። በመጨረሻ የእያንዳንዱ ደመወዝና ድርሻ ይደመራል፦

- አክስት፦ ደመወዝ 0፣ ድርሻ 1,000,000፣ ድምር 1,000,000
- ገዢው፦ ደመወዝ 720,000፣ ድርሻ 600,000፣ ድምር 1,320,000
- ሻጩ፦ ደመወዝ 480,000፣ ድርሻ 400,000፣ ድምር 880,000

አሁን ሦስቱን ድምሮች መልሶ መደመር ያስፈልጋል። 1,000,000፣ 1,320,000 እና 880,000 ሲደመሩ 3,200,000 ይመጣሉ፤ ይህም ከደመወዝ በፊት የነበረው ትርፍ ነው። ይህ ማረጋገጫ ስህተትን ቶሎ ያጋልጣል። ድምሩ 2,000,000 ብቻ ከመጣ ደመወዙ ከሸሪኮቹ ገቢ ውስጥ ወድቋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስም እዚሁ አለ። ገዢው ሁለት ጊዜ አልተከፈለውም። ደመወዙ ለጉልበቱና ለጊዜው ነው፣ 30 በመቶው ደግሞ ላወጣው ገንዘብና ለተሸከመው ስጋት ነው። ከደመወዙ ግማሹን ማን እንደከፈለውም ከስሌቱ ይታያል። 720,000ው ባይነሳ ኖሮ ቀሪው በዚያው ልክ ይበዛ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 50 በመቶው፣ ማለትም 360,000 ሽልንግ፣ የአክስት ይሆን ነበር። ስለዚህ ገዢው ደመወዜ በወር 10,000 ይጨመርልኝ ብሎ ሲጠይቅ በዓመት 60,000 ከአክስቱ እየጠየቀ እንደሆነ ማወቅ አለበት፤ የሻጩ መዋጮ 24,000 ነው፤ የቀረው 36,000 ከራሱ ድርሻ ላይ የሚነሳ ነው። ደመወዙ በ120,000 ሲያድግ እጁ ላይ የሚጨምረው 84,000 ብቻ ነው።

በስምምነት የተጻፈውንና መነሻ ደንቡን ማነጻጸርም ያስተምራል። ምንም ውል ሳይኖር 3,200,000 ለሦስት እኩል ቢከፈል ለእያንዳንዱ 1,066,667 ገደማ ይደርሳል። ገዢው ወደ 253,000 ያጣል፣ ሻጩ ወደ 187,000 ያገኛል፣ አክስትም ወደ 67,000 ታገኛለች። በተበላሸ ሽርክና ውስጥ «ውል አልነበረም» ማለት የሚጠቅመው ማን እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ግብሩ በየድርሻው

በኬንያ ሕግ ሽርክናው ራሱ የገቢ ግብር አይከፍልም። ሽርክናው የራሱን ፒን ይዞ በአይታክስ ላይ መግለጫ ያቀርባል፤ በመግለጫውም ትርፉ ስንት እንደሆነና ለማን ስንት እንደደረሰ ያሳያል። ግብሩን የሚከፍለው እያንዳንዱ ሸሪክ ነው፣ በራሱ ፒን፣ በራሱ መግለጫ። በሸሪክ ደመወዝ ላይ እንደ ሠራተኛ በየወሩ ግብር አይቆረጥም፤ ደመወዙ በዓመቱ መጨረሻ ከድርሻው ጋር ተደምሮ የንግድ ገቢ ሆኖ ይገበራል።

ለግለሰብ የተቀመጠው የዓመት መጠን እንዲህ ነው። የመጀመሪያው 288,000 ሽልንግ 10 በመቶ ይከፈልበታል። ቀጣዩ 100,000 ላይ 25 በመቶ ይከፈላል። ከዚያ በላይ እስከ 6,000,000 ድረስ ያለው 30 በመቶ ነው። ከ6,000,000 በላይ 32.5 በመቶ፣ ከ9,600,000 በላይ ደግሞ 35 በመቶ ይሆናል፤ የእኛ ምሳሌ ግን እዚያ አይደርስም። ከተሰላው ግብር ላይ በኬንያ ነዋሪ ለሆነ ግለሰብ በዓመት 28,800 ሽልንግ የግል ቅናሽ ይነሳለታል።

የገዢውን በዝርዝር እንየው። ከ1,320,000ው የመጀመሪያው 288,000 በ10 በመቶ 28,800 ይሆናል። ቀጣዩ 100,000 በ25 በመቶ 25,000 ይሆናል። የቀረው 932,000 በ30 በመቶ 279,600 ይሆናል። ድምሩ 333,400 ነው። 28,800 ሲነሳለት የሚከፍለው 304,600 ሽልንግ ይሆናል። በዚሁ መንገድ አክስት በ1,000,000ው ላይ 208,600፣ ሻጩ በ880,000ው ላይ 172,600 ሽልንግ ይደርስባቸዋል። የሦስቱ ግብር ሲደመር 685,800 ሽልንግ ነው።

አሁን የተለመደውን ስህተት እንመልከት። የሂሳብ ሠራተኛው ደመወዙን ከእረኛውና ከደላላው ጋር ወጪ ላይ ይጽፈዋል። ትርፉ 2,000,000 ሆኖ ይወጣል። ገዢው 30 በመቶውን፣ 600,000 ሽልንግ፣ ብቻ ያስመዘግባል፤ ግብሩም 88,600 ይሆናል። መክፈል ከነበረበት በ216,000 ያነሰ ነው። ይህ በትክክል የ720,000ው 30 በመቶ ነው። የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን መዝገቡን ያየ ቀን ያልተከፈለው ግብር ብቻውን አይመጣም፤ 5 በመቶ የዘገየ ክፍያ ቅጣትና በየወሩ 1 በመቶ ወለድ ይከተለዋል። ስህተቱን ለማግኘት ባለሙያ አያስፈልግም። የሽርክናው የወጪ ዝርዝር ላይ የሸሪክ ስም ከታየ፣ ሂሳቡ እንደገና መሠራት አለበት።

የአክስት ጉዳይ ሌላ ነገር ያሳያል። 208,600 ብለን ያሰላነው ከሽርክናው ሌላ ገቢ እንደሌላት አድርገን ነው። እሷ ግን ሱቅ አላት። ሱቁ በዓመት 400,000 ሽልንግ ትርፍ ቢሰጣትና በትርፍ ላይ የምትገብር ብትሆን፣ ገቢዋ 1,400,000 ይሆናል፤ ግብሩም 328,600 ይሆናል። ለሱቁ ብቻ ብትከፍል 28,600 ነበር። ስለዚህ ከሽርክናው የመጣው 1,000,000 ያስከተለባት ተጨማሪ ግብር 300,000 ነው፣ ሙሉ 30 በመቶ። ዝቅተኞቹን መደቦችና የግል ቅናሹን ሱቁ አስቀድሞ ተጠቅሞባቸዋል። በአንድ ሽርክና ውስጥ እኩል ድርሻ ያላቸው ሁለት ሰዎች እኩል ግብር ላይከፍሉ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ የአንዱን ግብር አይቶ የሌላውን መገመትም የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

አንድ ወሰን እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ1,000,000 እስከ 25,000,000 ሽልንግ የሆነ ነጋዴዎች በትርፍ ሳይሆን በጠቅላላ ሽያጭ ላይ 3 በመቶ የሚከፈልበት የሽያጭ ግብር ሥርዓት አላቸው። የእኛ ሦስት ሸሪኮች ሽያጫቸው 47,400,000 ስለሆነ ከዚያ ወሰን በላይ ናቸው። የከብት ንግድ ሽያጩ ትልቅ፣ ትርፉ ግን ስስ ስለሆነ በየትኛው ወገን እንደሚውሉ ዓመቱ ሳይጀመር ማየት ይገባል። በ20,000,000 ሽያጭ 3 በመቶው 600,000 ነው፤ ያ ዓመት ያተረፈው 900,000 ብቻ ለሆነ ነጋዴ ይህ ሁለት ሦስተኛው ነው።

ያልተነሳ ገንዘብ ላይ የሚመጣ ግብር

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ገዢው በዓመቱ ውስጥ በየጊዜው በስልክ ገንዘብ የወሰደው 900,000 ሽልንግ ነው። የደረሰው 1,320,000 ስለሆነ 420,000 በሽርክናው ውስጥ አለው። አክስት አንድ ሽልንግ አላነሳችም፤ የእሷ 1,000,000 የሚቀጥለውን ዓመት ከብት ለመግዛት ተቀምጧል። ኤፕሪል ላይ የግብሩ ወረቀት ሲመጣ «ልጄ፣ ምን ይዤ ነው የምከፍለው?» ብትለው አያስደንቅም። እሱም «አክስቴ፣ ይዩት፣ ገንዘቡ የእርስዎ ነው፣ ከብት ሆኖ ነው ያለው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

ሕጉ የሚጠይቀው ምን ወሰድክ ብሎ ሳይሆን ምን ደረሰህ ብሎ ነው። ድርሻ በተዘጋው ሂሳብ የሚታወቅ ነው፤ ከካዝና ማንሳት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ያነሳ ሸሪክ ግብሩ አይጨምርም፣ ምንም ያላነሳም አይቀርለትም። ሁለቱን ለመለየት ለእያንዳንዱ ሸሪክ አንድ ገጽ መክፈት ይበቃል። በአንድ ወገን ደመወዙና ድርሻው ይጻፋል፣ በሌላ ወገን ያነሳው ሁሉ ይጻፋል፣ ከታች ቀሪው ይሰላል። በገዢው ገጽ ላይ በየወሩ የወጣው 60,000 ራሱ «ተነሳ» በሚለው ወገን ነው የሚገባው።

የቀኑ ጉዳይም አለ። የ2024 ግብር ቀሪ የሚከፈለው እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2025 ነው፤ መግለጫው የሚቀርበው እስከ ጁን 30 ነው። ጁንን ብቻ የሚያስታውስ ነጋዴ ሁለት ወር ቅጣትና ወለድ ሲቆጥርበት ይቆያል። ከዚህም በላይ የዓመት ግብሩ ከ40,000 ሽልንግ የሚበልጥ ሰው ግብሩን በዓመቱ ውስጥ በአራት ጊዜ አስቀድሞ መክፈል አለበት፦ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በዲሴምበር፣ ሁሉም በወሩ 20ኛ ቀን። ሦስቱም ሸሪኮች ከ40,000 በላይ ናቸው።

ስለዚህ ገንዘቡ ሁሉ ከብት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሽርክናው ለግብር የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ማስቀረት አለበት። በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ይህን ይፈታዋል፦ ከእነዚህ ቀኖች በፊት ሽርክናው ለእያንዳንዱ ሸሪክ ከድርሻው የሚመጣበትን ግብር ያህል በጥሬ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ የተሰጠውም በሸሪኩ ገጽ ላይ «ተነሳ» ተብሎ ይጻፋል። ግብሩ በወጪ ላይ አይጻፍም፤ የሸሪኩ የራሱ ዕዳ ነው። በወጪ ላይ ከተጻፈ የአክስት የሱቅ ግብር ሳይቀር ገዢውና ሻጩ ላይ ይወድቃል።

ትርፉ ደመወዙን ሳይሞላ ሲቀር

ጥሩ ዓመት ስምምነትን አይፈትንም። የአፍተግር ወይም የሳንባ በሽታ ተነስቶ የእንስሳት ዝውውር በታገደ ዓመት፣ በበረት የታሰረ ከብት መኖ እየበላና ክብደት እየቀነሰ ይቆያል። በእንዲህ ያለ ዓመት የሦስቱ ትርፍ ከደመወዝ በፊት 600,000 ብቻ ሆነ እንበል። ደመወዙ 1,200,000 ነው። ምን ይደረጋል?

ውሉ ደመወዝ ያለ ምንም ሁኔታ ይከፈላል የሚል ከሆነ ደመወዙ ይነሳና ቀሪው የ600,000 ኪሳራ ይሆናል። ኪሳራውም በዚያው መቶኛ ይከፈላል። አክስት 300,000 ይደርስባታል፤ ገዢው ከ720,000ው ላይ 180,000 ተነስቶ 540,000 ይቀረዋል፤ ሻጩ ከ480,000ው ላይ 120,000 ተነስቶ 360,000 ይቀረዋል። ሦስቱ ሲደመሩ 540,000 እና 360,000 ከ300,000 ሲቀነስ 600,000 ይመጣል፤ ስሌቱ ልክ ነው። ንግዱ አተረፈ፣ ባለገንዘቧ ግን ከሰረች። ከካፒታሏ 300,000 ወደ ሁለቱ ሠራተኛ ሸሪኮች ተሻገረ።

ግብሩም ይህንኑ ይከተላል። ገዢው በ540,000ው ላይ 70,600 ይከፍላል፣ ሻጩ በ360,000ው ላይ 18,000 ይከፍላል፣ አክስት ከሽርክናው የሚገበር ገቢ የላትም። ደመወዝ ያለው ሸሪክ «ንግዱ ከስሯል፣ ምንም አልከፍልም» ማለት አይችልም፤ ሕጉ ከደመወዙ ላይ የኪሳራ ድርሻውን ቀንሶ የተረፈውን ይገብረዋል።

ውሉ ግን በሌላ መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦ ደመወዝ የሚታሰበው ትርፉ እስከሞላ ድረስ ብቻ ነው፣ ካልሞላ ያለው ትርፍ በደመወዛቸው መጠን ይከፈላል። ያን ጊዜ 600,000ው በ720 እና በ480 ተመጣጥኖ ገዢው 360,000፣ ሻጩ 240,000 ያገኛሉ። አክስት አታተርፍም፣ አትከስርምም። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት የአክስት ሁኔታ በ300,000 ሽልንግ ይለያያል። የትኛው ይሻላል የሚለው እንደ ሸሪኮቹ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ገዢ የመጀመሪያውን ይፈልጋል፤ ገንዘቧን ብቻ ያዋለች ሴት ሁለተኛውን ትፈልጋለች። የማይሻለው ግን በሽታው ከገባ በኋላ መነጋገር ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ምን እንደሚያጣ አውቆ ነው የሚናገረው።

ውሉ ድንበሩን ሲሻገር

ያው ሦስት ሰው፣ ያው መቶኛ፣ ሽርክናው ግን በኢትዮጵያ በኩል የተመዘገበ ቢሆን የግብሩ መንገድ ይለወጣል። በኢትዮጵያ የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሽርክና ማኅበር እንደ ድርጅት ይቆጠራል፤ ድርጅት ደግሞ በንግድ ትርፉ ላይ 30 በመቶ ራሱ ይከፍላል። ዝቅተኛ መደቦችን የሚጠቀም ግለሰብ የለም። ሸሪኮቹ የሚካፈሉት ድርጅቱ ከገበረ በኋላ ያለውን ነው። በኬንያ በኩል መጀመሪያ መካፈል፣ ከዚያ መገበር ነው፤ በኢትዮጵያ በኩል መጀመሪያ መገበር፣ ከዚያ መካፈል ነው። በአንዱ በኩል የተጻፈን ውል ወደ ሌላው ቀድቶ መጠቀም «የእያንዳንዱ ግብር የራሱ ነው» የሚለውን አንቀጽ ትርጉም ያሳጣዋል። ውሉ ሲጻፍ ሽርክናው የትኛው በኩል እንደተመዘገበ ከላይ መስፈር አለበት።

መልመጃ

ሁለት ሸሪኮች በኬንያ በኩል ፍየል ይነግዳሉ። ከደመወዝ በፊት ያለው ትርፍ 2,400,000 ሽልንግ ነው። ሁለተኛው ሸሪክ በዓመት 600,000 ደመወዝ ይታሰብለታል። ቀሪው ሁለት እጁ ለመጀመሪያው፣ አንድ እጁ ለሁለተኛው ነው። ሽያጫቸው ከ25,000,000 በላይ ነው፤ ሌላ ገቢም የላቸውም።

መልስ፦ ቀሪው 1,800,000 ነው። የመጀመሪያው 1,200,000 ይደርሰዋል። ሁለተኛው 600,000 ድርሻና 600,000 ደመወዝ፣ በድምሩ 1,200,000 ይደርሰዋል። ሁለቱ ሲደመሩ 2,400,000 ይመጣሉ። የመቶኛቸው ልዩነት እጥፍ ቢሆንም ገቢያቸው እኩል ሆኗል፤ ግብራቸውም እያንዳንዳቸው 268,600 ሽልንግ ነው። ትርፉ ከ2,400,000 በላይ ሲያድግ የመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሲያንስ ደግሞ ሁለተኛው ይበልጣል። ሁለቱ ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባው ቁጥር ይህ ነው።